ስለ ጅቡ ለዕድሩ የምናቀርበው ሐሳብ፤ ረቂቁን አይታችሁ አስተያየት ስጡ

ጸሐፊ፦ ሰላም ጎረቤቶች። እንደሰማችሁት ሰሞኑን ጅብ ከጦሳ ተራራ በኩል ወርዶ ታች ሰፈር በግ በልቷል። ረቂቁ ይህ ነው፦ አጥንትና ቆሻሻ ማታ ደጅ ማውጣት ከነገ ጀምሮ ይከልከል። በርና በረት ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ በጥቅምት ይጠገን።

ባለ ሉካንዳው፦ አጥንቱን ጠዋት ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ልጆች አስረክባለሁ። በቀሩበት ቀንስ? ክዳኑ የሚቆለፍ የብረት በርሜል ያስፈልጋል።

የእንስሳት ሐኪሟ፦ እኔ ቅደም ተከተሉ ይገልበጥ እላለሁ። በትግራይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ። ከጅብ ኩስ ውስጥ የተገኘውን ፀጉር ነው የመረመሩት። በዐቢይ ጾም እርድ ሲቀንስ የአህያ ፀጉር በዛ። ጅቡ የለመደውን ትርፍራፊ ሲያጣ ወደ ቁም እንስሳ ዞረ ማለት ነው። አጥንቱን ዛሬ ከልክለን በረቱን ለጥቅምት ካቆየነው በጎቻችንን እናስበላለን። መጀመሪያ በረትና በር፣ ከዚያ ቆሻሻው።

የላይ ሰፈር ልጅ፦ አምፖል ማብራት ይበቃል። እኛ ቤት ከበራ ወዲህ አልመጣም።

ሐኪሟ፦ ለጊዜው ይሸሻል። ብርሃኑን ሲለምደው ግን ይመለሳል።

እትዬ፦ የእኔን ዶሮዎችስ ማን ይካሰኝ? በቆርቆሮው ስንጥቅ ገብቶ አንገታቸውን ብቻ በልቶ ሄደ፣ ይሄ ጅብ!

ሐኪሟ፦ እትዬ፣ ጅብ እንኳን ሥጋውን አጥንቱንም አይተውም፤ በስንጥቅም አይገባም። ሽለምጥማጥ ይመስለኛል። ለእሱ ጠባብ የሽቦ ወንፊት ነው መድኃኒቱ። ጅብ ከሆነ የፊት እግሩ ዱካ ከኋላው ይተልቃል። ኩሱም ሲደርቅ ነጭ ነው፤ ከሚበላው አጥንት የተነሣ።

በጉ የተበላበት፦ እኔ ቤት ጅብ መሆኑ አያጠያይቅም። በሩ ተቆልፎ ነበር። ጎርፉ ከሥሩ አፈሩን ጠርጎት ኖሯል። ጅቡ ያንኑ ጫር ጫር አድርጎ አሰፋና ሾለከ። በብረቱ ጠርዝ ላይ ፀጉሩን አገኘሁት።

በያጁ፦ ከሥሩ ላሜራ ብትጨምርበት አፈሩ እንደገና ይታጠባል። ከበሩ ሥር የኮንክሪት ደፍ ይፍሰስ፤ ወደ ታች 40 ሴንቲ ሜትር ይግባ። በደፉና በበሩ መካከል ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ ክፍተት አይኑር። ጎርፉ የሚያልፍበት ቱቦ ይቀበር፣ አፉ ላይ ፍርግርግ ይበየድ። አለዚያ ውሃው ግቢ ውስጥ ይተኛል፤ ያን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ ደፉን ይሰብረዋል። የበረት ቆርቆሮም ጠርዙ ልቅ ከሆነ በጥርሱ ይዞ ይገነጥለዋል። ጠርዙ ከእንጨት ጋር በላሜራ ይታሰር።

ተከራይ፦ እኔ በጉ የኔ፣ በሩ የአከራዬ ነው። ሲሚንቶውን ማን ይገዛል?

ጸሐፊ፦ እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አስተካክለዋለሁ። በዚህ ወር በረት ያላቸው ግቢዎች በየተራ ይታያሉ፤ በያጁና ሐኪሟ አብረው ይዙሩ። የእነዚህ ግቢዎች በርና በረት ተስተካክሎ ሲያልቅ የማታ ቆሻሻ ክልከላው ይጀምራል። ሲሚንቶው ከዕድሩ ካዝና ይውጣ ወይስ ከየቤቱ፣ እሑድ ስብሰባው ይወስን። የተከራዮቹም ጉዳይ እዚያው ይነሣ።

ባለ ሉካንዳው፦ እንቁጣጣሽና መውሊድም አሉ። የየቤቱ ጨጓራና ቆዳ በአንድ ቀን ነው የሚወጣው። አንድ በርሜል ምን ይሆናል?

ጸሐፊ፦ ልክ ነህ፤ ለእሱ ገና መልስ የለንም። እሑድ መጀመሪያ እሱን እናንሣ።