በርሊን ሰዓት ቀየረ፣ እኛ አልቀየርን፤ ስብሰባዬ ስንት ሰዓት ነው?

የማርቆሷ (ጠያቂ)

ደብረ ማርቆስ ነኝ። በርሊን ካሉ ሰዎች ጋር በየሰኞው በኢንተርኔት እንሰበሰባለን። እነሱ «ጠዋት 10:00» ይላሉ፣ እኔ በኛ ቀን 6 ሰዓት እገባለሁ። ከኅዳር ጀምሮ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም። ሰኞ መጋቢት 21 ግን በሰዓቴ ስገባ ሰዎቹ ሊሰነባበቱ ነው። «ሰዓት ቀይረናል» አሉኝ። ካሁን በኋላ ስንት ሰዓት ልግባ? መቼስ ነው ወደ ነበረበት የሚመለሰው?

የቡሬው

እህቴ፣ ይሄማ ቀላል ነው። እነሱ አንድ ሰዓት ወደፊት ከሄዱ አንቺም አንድ ሰዓት ወደፊት መሄድ ነው። 7 ሰዓት ግቢ። ወንድሜ ዋሽንግተን ስለሆነ ይሄን ነገር በየዓመቱ አየዋለሁ።

ሰዓት ሠሪው

የቡሬው ወንድሜ፣ መቀየሩ ልክ ነው፣ አቅጣጫውን ግን ገለበጥከው። በ7 ሰዓት ከገባች ሁለት ሰዓት አርፍዳ ባዶ ቤት ነው የምትደርሰው። መግባት ያለባት 5 ሰዓት ላይ ነው።

እንዲህ አስቡት። እሑድ መጋቢት 20 ሌሊት በርሊን ላይ ሰዓቱ 2:00 ሊሞላ ሲል በቀጥታ 3:00 ተደረገ። ሰዓታቸው ሮጠ እንጂ ፀሐይዋ እዚያው ናት። ስለዚህ የግድግዳ ሰዓታቸው 10:00 የሚለው ከበፊቱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። አንቺ ደግሞ ሰዓትሽን ስላልነካሽ ጊዜው ባንቺ በኩል ወደ ኋላ ይስባል።

በቁጥር እንየው። ቅዝቃዜያቸው ላይ ከበርሊን በ2 ሰዓት እንቀድማለን። እዚያ 10:00 ሲሆን እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር 12:00 ነው። ከዚያ 6 ስትቀንሺ ቀን 6 ሰዓት። አሁን ልዩነቱ 1 ሰዓት ብቻ ሆኗል። 10:00 ላይ 1 ስትደምሪ 11:00፣ 6 ስትቀንሺ ቀን 5 ሰዓት።

መጀመሪያ የአገሩን ልዩነት በፈረንጅ አቆጣጠር ጨርሺ፣ ስድስቷን መጨረሻ ላይ ቀንሺ። ሁለቱን አንድ ላይ በጭንቅላት ሊሠራ የሚሞክር ሰው ነው የሚሳሳተው። እኔም ተሳስቼበታለሁ።

የሚመለሰው እሑድ ጥቅምት 15 ቀን 2019 ነው። ከሰኞ ጥቅምት 16 ጀምሮ እንደ ድሮሽ 6 ሰዓት። አውሮፓ የሚቀይረው በማርች እና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ስለሆነ በኛ ቀን አትሸምድጂው፣ በየዓመቱ ይዋልላል። የፈረንጁን ካላንደር እያየሽ እሑዱን ቁጠሪ።

የዳንግላ ልጅ

እኔን ጉድ የሠራኝ ስሙ ነው። አንድ ቦታ «የበጋ ሰዓት» ተብሎ ተተርጉሞ አነበብኩ። በጋ ሲባል እኔ የማስበው ጥርን ነው፣ ጥምቀትን። እነሱ በጋ የሚሉት ግን እኛ ዶፍ ሲወርድብን፣ ሐምሌና ነሐሴን ነው። ስድስት ወር ሙሉ ገልብጬ ሳሰላ ከረምኩ።

የሞጣዋ እናት

ልጆቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና የኔም ተቀይሯል ማለት ነው? ልጄ ቤይሩት ናት። አርብ አርብ ማታ 3 ሰዓት ላይ ነበር የምትደውልልኝ። ባለፈው አርብ በ2 ሰዓት ደወለች። ነገር ተፈጥሮ ይሆን ብዬ ልቤ ድንግጥ አለ።

ሰዓት ሠሪው

እትዬ፣ ምንም አልተፈጠረም። ሊባኖስም ትቀይራለች። ቅዝቃዜያቸው ላይ ከኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፣ አሁን ግን እኩል ነን። ልጅዎ ከሥራ ወጥታ በሷ ሰዓት ማታ 8:00 ላይ ነው የምትደውለው። ያ ድሮ በኛ 3 ሰዓት ነበር፣ አሁን 2 ሰዓት ነው። እስከ ጥቅምት አጋማሽ እንዲሁ ይቀጥላል። ጅዳ ወይም ሪያድ ብትሆን ኖሮ ይሄ ጣጣ አይኖርም ነበር። ሳዑዲ እንደኛው ናት፣ ዓመቱን ሙሉ አትነካውም።

የሞጣዋ እናት

ተመስገን። እድሜ ይስጥህ ልጄ።

የማርቆሷ (ጠያቂ)

ሰዓት ሠሪው፣ አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ግን ስልኬ ለምን አላስጠነቀቀኝም? ካላንደሩ ላይ በየሳምንቱ ሰኞ እንዲደጋገም አድርጌ ሞልቼዋለሁ።

የዳንግላ ልጅ

ስትሞዪው በየትኛው ከተማ ሰዓት ነው? ራስሽ 12:00 ብለሽ ከጻፍሽ ስልኩ `Africa/Addis_Ababa` ብሎ ይይዘዋል። የኛ ሰዓት ደግሞ አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ 12:00 ላይ ቆሞ ይቀራል። ስልኩ አልተሳሳተም፣ ያልሽውን ነው ያደረገው።

ቀጠሮው የታሰረው ከነሱ ሰዓት ጋር ስለሆነ በነሱ ከተማ ጻፊው። ቀጠሮውን ክፈቺና የሰዓት ክልሉን `Europe/Berlin` ወይም በርሊን የሚለውን አድርጊ፣ ሰዓቱን 10:00 ሙይ። በጥቅምት ራሱ ይስተካከላል። `GMT+1` የሚል ምርጫ ካየሽ ግን እንዳትነኪው። እሱ ቁጥር ነው እንጂ ከተማ አይደለም፣ ሲቀይሩ አብሮ አይቀየርም።

የማርቆሷ (ጠያቂ)

አደረግኩት። ስብሰባው 11:00 ላይ መጣ። ግን የስልኬ ሰዓት አሁን 4:20 ይላል። በኛ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

የዳንግላ ልጅ

በእጅሽ ነው ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የመለስሽው?

የማርቆሷ (ጠያቂ)

አዎ። ሁሌ መቀነስ ሲሰለቸኝ።

የዳንግላ ልጅ

እንግዲያው ይሄም ያስቀርሻል። ስልክሽ አሁን ጠዋት 4:20 መስሎት፣ ማለትም ገና ሌሊት መስሎት ነው ያለው። የ11:00 ማስታወሻ የሚጮኸው ስልኩ 11:00 ሲል ነው። ያን ጊዜ በኛ 11 ሰዓት ሆኖ መሽቷል፣ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። ሰዓቱን ወደ አውቶማቲክ መልሺው። የኛን አቆጣጠር ማየት ከፈለግሽ የኢትዮጵያ ሰዓት የሚያሳይ አፕ አውርደሽ ፊት ለፊት አድርጊው።

የቡሬው

እኔ ተረትቻለሁ፣ ይሁን። ግን አንድ ነገር ልጨምር። የወንድሜ ሰዓት የተቀየረው የካቲት 29 ነው፣ ከበርሊን ሦስት ሳምንት ቀድሞ። አሜሪካና አውሮፓ አንድ ቀን አይቀይሩም እንዴ?

ሰዓት ሠሪው

አይቀይሩም። አሜሪካ የሚቀይረው በማርች ሁለተኛ እሑድ ነው፣ ሲመልስ ደግሞ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ። ይሄን በማንሳትህ ጥሩ አደረግክ፣ ከዋሽንግተንም ከበርሊንም ሰው ያለበት ስብሰባ በነዚያ ሦስት ሳምንታት ይታመሳል። በጥቅምት ደግሞ አንድ ሳምንት ብቻ ነው።

የማርቆሷ (ጠያቂ)

ሁሉም ተስተካከለ፣ አመሰግናለሁ። አሁን የቀረኝ ችግር የሰዓት አይደለም። ሰኞ 5 ሰዓት ላይ ክፍል ገብቼ አስተምራለሁ። 6 ሰዓት የተመረጠውም ለዚህ ነበር።

የዳንግላ ልጅ

ቀጠሮው በኛ ሰዓት ይታሰር በያቸዋ። 6 ሰዓት ለኛ እንዳለ ይቆያል፣ እነሱ እስከ ጥቅምት በ11:00 ይገባሉ።

የቡሬው

አይሆንም። እነሱ አምስት ናቸው፣ እሷ አንድ። ክፍሉን ከሌላ አስተማሪ ጋር መቀያየር ይሻላል።

የማርቆሷ (ጠያቂ)

ጻፍኩላቸው። «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሰኞ ስብሰባው ላይ አንሥተሽ እንወያይበት» አሉኝ።