የሚልግራም ሙከራ ዛሬ ይደገም?

ብሩክ፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚልግራም በየል ዩኒቨርሲቲ ያካሄደው፣ «አስተማሪ» የተባለ ተሳታፊ «ተማሪው» በተሳሳተ ቁጥር በኤሌክትሪክ እንዲነዝረው የሚታዘዝበት የታዛዥነት ሙከራ ዛሬ እንዳለ ቢደገም ምን ችግር አለው? ሰው ሲታዘዝ እስከ የት እንደሚሄድ ማወቅ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ሳምራዊት፦ ጭራሽ! ሰውን በ450 ቮልት እየጠበሱ ምን ዓይነት ጥናት ነው?

ደረጀ፦ ሳምሪ፣ ማንም አልተጠበሰም። «ተማሪው» የተመራማሪው ሰው ነበር፣ ገመዱም ባዶ። ንዝረት የቀመሰው «አስተማሪው» ነው፤ መሣሪያው እውነተኛ እንዲመስለው ብቻ 45 ቮልት አስቀመሱት። የተጎዳውም እሱ ነው። ከፊቱ 30 ማብሪያ አለ፣ በየ15 ቮልቱ ከፍ የሚል። 300 ላይ ተማሪው ግድግዳ ይደበድባል፣ ከ315 በኋላ ጭጭ። አስተማሪው ላብ ያጠምቀዋል፣ ይንተባተባል፣ ያለቦታው ይስቃል። ላቁም ሲል አራት ማዘዣ በተራ ይመጡበታል፤ የመጨረሻው «ምርጫ የለህም፣ መቀጠል አለብህ» ይላል። ከ40ው 26ቱ እስከ 450 ሄዱ። ለእኔ ዋናው ጥፋት ያ አራተኛው ማዘዣ ነው፤ የማቆም መብቱን ዓይኑ እያየ ነጠቀው።

ሄኖክ፦ ለዚህም ነው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ የመጣው።

ደረጀ፦ በከፊል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ባውምሪንድ በ1964 ሙከራውን ክፉኛ ተችታለች፣ ክርክሩም ከዚያ ጦፈ። ኮሚቴውን ግዴታ ያደረገውን የአሜሪካን የ1974 ሕግ የገፋው ግን በ1972 የተጋለጠው የተስኪጊ የቂጥኝ ጥናት ነው፤ ጥቁር ሕሙማን ለ40 ዓመት ሕክምና ተነፍገው ነበር። ደግሞ ተማሪዎች እስረኛና ጠባቂ ሆነው የተሰቃዩበት የ1971ዱ የስታንፎርድ እስር ቤት ሙከራ በኮሚቴ ጸድቆ የተካሄደ ነው። ማኅተም ብቻውን አያድንም።

ትዕግሥት፦ እንዳለ መድገም አይቻልም፣ ቆርጦ መድገም ግን ተችሏል። ተመራማሪው በርገር በ2009 ያሳተመው 150 ቮልት ላይ ይቆማል። ቁጥሩ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ የተማሪው ድምፅ በሚሰማበት የሚልግራም ሙከራ «አስወጡኝ» ብሎ መጀመሪያ የሚጮኸው እዚያ ላይ ነው፣ ያን ካለፉት 79 በመቶው መጨረሻ ደርሰዋል። በርገር ጭንቀት ሊጎዳቸው የሚችሉትን አስቀድሞ አስወጣ፣ ማቆም እንደሚችሉ ሦስት ጊዜ ነገራቸው፣ ማቅመሻውን ወደ 15 ቮልት አወረደ፣ እንዳበቃም ወዲያው እውነቱን አስረዳ። 70 በመቶው ሊቀጥሉ ነበር።

ብሩክ፦ «ሊቀጥሉ ነበር» ግምት ነዋ! 300 ላይ ሊያቆሙ ይችሉ ነበር። ለጭንቀት የሚጋለጡትን አስወጥተህስ ስለ ሁሉም ሰው ትናገራለህ?

ትዕግሥት፦ ልክ ነህ፤ የሥነ ምግባሩ ዋጋ ይኸው ነው። እኔ እከፍለዋለሁ፣ ሰውን ለሠላሳ ማብሪያ ከማሰቃየት ይሻላል።

ደረጀ፦ ግን በርገርም አራተኛውን ማዘዣ አላወጣውም። ሦስት ጊዜ «ማቆም ትችላለህ» ካሉት በኋላ «ምርጫ የለህም» ማለት ምን ይባላል?

ትዕግሥት፦ ውጤቱን ግን እየው፤ «ምርጫ የለህም» ከተባሉት አንድም የቀጠለ የለም።

ሄኖክ፦ እንግዲያ ቁርጥ ያለ ትእዛዝ ሲመጣ ካቆሙ፣ የሚለካው መታዘዝ ነው ወይስ «ለሳይንስ ይጠቅማል» ብሎ ማመን?