ሪክሩተሩ ደወለልኝ፣ አሁን ምን ብዬ ልጻፍለት?

ሰብለ፦ ሰላም የድሬ ልጆች። ለእማዬ ህክምና ብዬ ከቶሮንቶ ከመጣሁ ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ሳቢያን ነው ያለሁት፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እመለሳለሁ። ትናንት ከቶሮንቶ አንድ ሪክሩተር ደወለ። እነሱ ጋ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ነበር። ሥራው ከውጭ የሚገባ ዕቃን ሰነድ ማስተባበር ነው። እኔ ደግሞ እዚሁ ድሬ ስድስት ዓመት ትራንዚተር ነበርኩ። 25 ደቂቃ አወራን። ልክ "መቼ መጀመር ትችያለሽ?" ሲለኝ መብራት ጠፋና ዋይፋዩ ተቋረጠ። በስልኬ ዳታ ተመልሼ ስገባ ተደናግጬ ነበር፣ ምን እንዳልኩት እንኳ አላስታውስም። የምስጋና ኢሜይል ልጽፍለት ፈልጌ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩና አጠፋሁት። "ቀጥሎ ምን አለ?" ብሎ መጠየቅስ ልመና አይመስልም?

ቢኒያም፦ አቦ ተዪው፣ ምንም አትጻፊ። ሲቪሽ እጁ ላይ ነው። ደግሞ ኦንታሪዮ ውስጥ ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ ሕግ አለ። ኢንተርቪው ያደረገሽ ቀጣሪ ከመጨረሻው ኢንተርቪው በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ውሳኔ ላይ ተደርሶ እንደሆነ ሊነግርሽ ይገደዳል። አርፈሽ ጠብቂ።

ፋጡማ፦ ቢኒ፣ ሕጉስ አለ። ግን 25 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን ቀጣሪ ነው የሚመለከተው። ደግሞ እንዲህ ያለው የመጀመሪያ የማጣሪያ ስልክ እንደ ኢንተርቪው አይቆጠርም። ስለዚህ ሰብለን ማንም የመቁጠሪያ ቀን አልጀመረላትም።

ሰብልዬ፣ እኔ ራሴ ሪክሩተር ሆኜ ሠርቻለሁ። ያ ሰውዬ አይቀጥርሽም። ስልኩን እንደዘጋ ስለ አንቺ ሦስት አራት መስመር ጽፎ ለክፍሉ ኃላፊ ያስተላልፋል። በዚያው ቀን ሌሎች ብዙ ሰዎችንም ያናግራል፣ ይምታታበታል። ጥሩ ኢሜይል ማለት እንዳለ ገልብጦ ለኃላፊው የሚልከው ነው። አንድ ገጽ ከሆነ አይገለብጠውም። ምን ቸገረን አለሽ?

ሰብለ፦ ኢንቮይሱና ፓኪንግ ሊስቱ ሳይጣጣሙ ዕቃ እየቆመብን ነው አለኝ።

ፋጡማ፦ በቃ፣ እሱን ያዢ። ሌላውን ልምድሽን ተዪው። እኔ በአማርኛ እጽፈዋለሁ፣ አንቺ ወደ እንግሊዝኛ መልሺው፦

"ትናንት ስለሰጠኸኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት ሳይጣጣሙ ዕቃ እንደሚቆምባችሁ ነግረኸኝ ነበር። ድሬዳዋ ስድስት ዓመት ትራንዚተር ሆኜ ስሠራ የየዕለት ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ሰነዱ ጉምሩክ ከመግባቱ በፊት ብዛቱንና ክብደቱን መስመር በመስመር አመሳክራለሁ። ስልኩ ሲቋረጥ በደንብ ያልመለስኩትን አሁን ልመልስ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቶሮንቶ እገባለሁ፣ በቀጣዩ ሰኞ ሥራ መጀመር እችላለሁ። ቀጣዩ ቃለ መጠይቅ ከማን ጋር ነው? በየትኛው ሳምንትስ ይሆናል? እስከዚያ በቪዲዮ መቅረብ እችላለሁ።"

ልመና የሚሆነው "እባክህ ዕድሉን ስጠኝ" ካልሽ ነው። "ከማን ጋር፣ መቼ" ግን በአንድ መስመር የሚመለስ ጥያቄ ነው። አዲስ ኢሜይል አትክፈቺ፣ ቀጠሮውን በላከበት ላይ መልሺለት፣ ማን እንደሆንሽ ወዲያው ያስታውሳል። ዛሬውኑ ላኪው። ስለ ደሞዝ አታንሺ።

ቢኒያም፦ ቶሮንቶ የለሁም ማለቷ ግን ይጎዳታል። ሲደውል ቶሮንቶ ያለች ነው የመሰለው።

ፋጡማ፦ የባጃጅ ጡሩምባ እየሰማ? ቀኑን ቁርጥ አድርጋ ካልነገረችው "አገር ውስጥ የለችም" ብሎ ይጽፍና ያልፋታል። የእናቷን ሕመም መናገር ግን የራሷ ፈቃድ ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ ልጄ፣ እናት ታማ ሥራ ይታሰባል? እኔ እናቴ ስታርፍ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ቀዳሚት ገበያ ስትሄድ የምትለብሰውን ነጠላ ላኩልኝ፣ እስከ ዛሬ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ነው። ሥራ ሌላ ይገኛል።

ሰብለ፦ ጋሼ፣ የእማዬ መድኃኒት የሚገዛው እኮ በዚያ ሥራ ነው። ታናሽ ወንድሜም የኮሌጅ ክፍያ እየጠበቀኝ ነው።

ቢኒያም፦ ወንድምሽ ራሱ አይሠራም? ሁላችንም እዚህ በሁለት ፈረቃ እየተገረፍን ድሬ ላይ ጫት እየተቃመበት ነው።

ሰብለ፦ ወንድሜን አታውቀውም፣ እባክህ። ማታ ማታ እማዬን የሚጠብቃት እሱ ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ ቢኒያም፣ ይህን ቃል መልስ። የሰው ቤት አይፈረድበትም።

ቢኒያም፦ ስለ ወንድሟ አልተናገርኩም ጋሼ፣ የራሴን ቤት ነው ያወራሁት። የእኔ ወንድም ባለፈው ወር የላክሁለትን ምን ላይ እንዳዋለው ባውቅ ነው።

ሰብለ፦ ፋጡማ፣ ላክሁት። አምስት ጊዜ አንብቤ ነው። መልስ የሚሰጥበትን ቀን ግን አልነገረኝም ነበር። ስንት ቀን ጠብቄ ልድገመው?

ፋጡማ፦ ቀን ነግሮሽ ቢሆን፣ ቀኑ ካለፈ ከሁለት የሥራ ቀን በኋላ እልሽ ነበር። ካልነገረሽ እኔ ሳምንት እጠብቃለሁ። የሠራሁበት ቦታ ሌላ ሪክሩተር ግን ቶሎ የሚጽፍለትን ነው የሚወድ የነበረው። በዚህ አንድ ሐሳብ ኖሮን አያውቅም።

ጋሽ ተፈራ፦ ሰብለ፣ እህቴ ከዚራ ናት። ቪዲዮው ሲቀጠር ንገሪኝ፣ እሷ ቤት መብራት ሲጠፋ ጄነሬተር አለ። እናትሽንም መጥታ ትጠይቃታለች። ቢኒያም፣ አንተ ደውልልኝ።