«እከክልኝ ልከክልህ» ለወፏና ለበሬው ይሠራል?

ትዕግሥት፦ ሰላም ቤተሰብ! ለልጆች ስለ እንስሳት ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። በከብት ጀርባ ላይ እየሄደች መዥገር የምትለቅም ወፍ አለች፤ ምንቃሯ ቀይ፣ የዓይኗ ዙሪያ ቢጫ ነው። እሷ ትጠግባለች፣ በሬው ይጸዳል። ይህን «እከክልኝ ልከክልህ» ልበለው? ተቃራኒውን ደግሞ «ጥገኛ» ብዬዋለሁ። ያስኬዳል?

ያሬድ፦ ያስኬዳል እንጂ። ሁለቱም ከተጠቀሙ እከክልኝ ልከክልህ፣ አንዱ ብቻ ከተጠቀመ ጥገኛ። አለቀ።

አበበች፦ ነጯን ወፍ ነው የምትሉት? እኛ አገር ከብቶቹ ሲግጡ እግራቸው ሥር ትከተላቸዋለች። ጀርባቸው ላይም አንዳንዴ ትቆማለች።

ጋሽ መኮንን፦ አበበች፣ ያቺ ሌላ ናት። ነጯ ወፍ የምትበላው ከብቱ ሲራመድ ከሣሩ የሚነሣውን ፌንጣ ነው። ላሟ ትርፍም ኪሳራም የላትም። ያሬድ፣ ያንተ ሐሳብ የሚጎድለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ብቻ ስለተጠቀመ ጥገኛ አይባልም። ሌላው መጎዳት አለበት። ስለዚህ «ጥገኛ» ብቻውን አይበቃም፤ ሕፃንም የእናቱ ጥገኛ ነው። «ጥገኛ ተውሳክ» ሲባል ግን ጉዳቱ ይገባል።

ትዕግሥት፣ ያንቺ ወፍ ግን ቀላል አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ2000 ከዚምባብዌ የወጣ ጥናት ነበር። ተመራማሪው በሬዎቹን ለሁለት ከፈለና ከአንዱ ወገን ወፎቹ እንዲባረሩ አደረገ። ከዚያ መዥገሩን ቆጠረ። ወፍ ባልደረሰባቸው በሬዎች ላይ የጎለመሱ መዥገሮች አልበዙም። ወፎቹ የተተዉላቸው በሬዎች ግን ቁስላቸው ቶሎ አልሽር አለ። ወፏ ደም ትወዳለች፤ ቁስሉን እየነካካች ትጠጣለች፣ የጆሮ ኩክም ትበላለች። መዥገር ስትለቅምም የምትመርጠው በደም የተነፋውን ነው። እሱ ደግሞ በሬውን መጥጦ ጨርሷል።

ደረጀ፦ ይህማ እውነት ነው! አህያዬ ገጣባ ሲወጣት ወፎቹ ይሰፍሩባታል። ጀርባዋን ታንቀጠቅጣለች፣ ጭራዋን ታወናጭፋለች፣ እነሱ ወይ ፍንክች። ምን ባደርግ ይሻላል?

ጋሽ መኮንን፦ ገጣባው እስኪሽር ጭነት አታስነካት፤ ቁስሉንም በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው። አህያዋ ወፎቹን ለማባረር መታገሏ ራሱ ምልክት ነው። የሚጠቅማትን ማን ያባርራል?

ያሬድ፦ ታዲያ ወፏ ተውሳክ ናት ማለት ነው?

ጋሽ መኮንን፦ እሱን ለመናገር አልቸኩልም። የዚምባብዌው ሙከራ በከብት ላይ ነው። ዱር ውስጥ ወፎቹ የሚጎበኟቸው አጋዘኖች ራሳቸውን የሚያጸዱበት ጊዜ እንደሚቀንስ የታየበት ጥናትም አለ። መዥገር በበዛበትና ቁስል በሌለበት ወፏ ትጠቅማለች፤ መዥገር ባነሰበትና ቁስል በተከፈተበት ትጎዳለች። በስዋሂሊ ስሟ የአውራሪስ ዘበኛ ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሲፈተሽ፣ ወፏ የተቀመጠችባቸው ጥቁር አውራሪሶች የሚቀርባቸውን ሰው ከሩቅ ያውቁ ነበር። ስትጮህ ይሰማሉ። ስለዚህ ያው ወፍ ደም እየጠጣችም ዘብ ትቆማለች።

ሜሮን፦ ዓሣዎቹስ? ትልልቆቹን የሚያጸዱት ትንንሽ ሰማያዊ ዓሣዎች እውነት ያጸዳሉ?

ጋሽ መኮንን፦ እነሱ ላይ ማስረጃው ይጠነክራል። በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ ከአንዳንድ የኮራል ቦታዎች አጽጂዎቹን አንሥተው አዩ። በ12 ሰዓት ውስጥ እንኳ ደንበኞቹ፣ ማለትም ለመጽዳት የሚመጡት ዓሣዎች፣ ላይ ያለው ተውሳክ አጽጂ በሌለበት ቦታ በብዙ እጥፍ በለጠ። ከስምንት ዓመት በላይ ያለ አጽጂ በቆዩት ቦታዎች ደግሞ ዓሣው በቁጥርም በመጠንም አነሰ።

እነሱም ቢሆኑ ይሰርቃሉ። አጽጂዋ ከተውሳኩ ይልቅ የደንበኛውን ገላ የሸፈነውን ልጋግ ትመርጣለች። ስትነክሰው ደንበኛው ብርግግ ይላል፤ ስርቆቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። በቀይ ባሕር፣ በራስ ሙሐመድ በኩል እንደታየው፣ ሌላ አጽጂ ማግኘት የሚችል ዓሣ ጥሏት ይሄዳል፤ አማራጭ የሌለው ያሳድዳታል። አደብ የሚያስይዛት ይህ ነው። በሬው ግን ወፏን የሚቀጣበት መንገድ የለውም። የባሕሩ ሽርክና ከየብሱ የሚሻለው በዚህ ይመስለኛል።

ትዕግሥት፦ ስለዚህ ለዓሣዎቹ «እከክልኝ ልከክልህ» እላለሁ፤ ለወፏ «አንዳንዴ የምትጠቅም፣ አንዳንዴ የምትጎዳ»።

ያሬድ፦ እኔ ግን ለዓሣውም ይከብደኛል። እከክልኝ ልከክልህ ሲባል የሚታሰበኝ ባለሥልጣን ዘመዱን ሲቀጥር ነው። ለልጆች «ይጠቃቀማሉ» በያቸው።

አበበች፦ «ይጠቃቀማሉ» ውስጥ ስርቆቱ የት አለ? እኔ ያንቺን እመርጣለሁ፣ ትዕግሥት።