የተበላሁትን ገንዘብ እናስመልስልሽ አሉኝ፣ 480 ዶላር ልክፈል?

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዓምና በክሪፕቶ 6,400 ዶላር ተበላሁ። ሰሞኑን «የተጭበረበረ ገንዘብ እናስመልሳለን» የሚል ዌብሳይት አገኘሁና ፎርሙን ሞላሁ። ሰዓት ሳይሞላ ደወሉ። ገንዘቤ ተገኝቷል አሉ፣ እንዲለቀቅ ግን የ480 ዶላር ታክስ መክፈል አለብኝ። ገጹን ሲከፍቱልኝ ስሜም 6,400ውም በአረንጓዴ ተጽፎ አየሁት። ምን ትላላችሁ?

ባለ ታክሲው፦ እህቴ፣ እንዳትከፍዪ! አድራሻው ላይ ግን የቁልፍ ምልክቷ አለች? ከሌለች ሌባ ነው፣ ካለች ደህና ነው።

ባንክ የሚሠራው፦ አትክፈዪ ያልከው ልክ ነው፣ ቁልፏ ግን ለሌባም ትሰጣለች። የምትጽፊው ነገር መንገድ ላይ እንዳይነበብ ነው የምትጠብቀው፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አትናገርም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፎርሙ ላይ 6,400 ብለሽ የሞላሽው ራስሽ አይደለሽም? አረንጓዴው ቁጥር ያው የነገርሻቸው ነው። አሁን lookup.icann.org ግቢና የዌብሳይቱን ስም ጻፊ፣ Created የሚለውን እዪ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ወይ ጉድ! ከተመዘገበ ገና ሰባት ሳምንቱ ነው። ገጹ ላይ «የ15 ዓመት ልምድ» ይላል።

ባንክ የሚሠራው፦ በቃ። ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ግን አትመኚው፣ የቆየ አድራሻ ገዝተው የሚሠሩ አሉ። እኔ የምለው፣ «480ውን ካገኛችሁት ላይ ቀንሱና ቀሪውን ላኩልኝ» በያቸው። እዚህ አሜሪካ በስልክ እንዲህ ያለ አገልግሎት የሚሸጥ ሰው፣ ገንዘቡ እጅሽ ከገባ 7 የሥራ ቀን ሳይሞላ ክፍያ መጠየቅ በፌዴራል ደንብ ተከልክሏል። ታክስ ደግሞ ለመንግሥት ነው የሚከፈለው፣ ለነሱ አይደለም።

ከዱባይ፦ እኔም ለእናቴ የላክሁት ብር ስም ተሳስቶ ቆሟል። እነዚህ ያስለቅቁልኛል?

ባንክ የሚሠራው፦ እህቴ፣ ያንቺ ሌላ ነው፣ ማንም አልሰረቀሽም። ደረሰኙን ይዘሽ የላክሽበት ቤት ሂጂ። ለነዚህ ስምሽንም እንዳትነግሪያቸው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ እኔ የመንጃ ፈቃዴን ፎቶ ልኬላቸዋለሁ። ስልኬንም የሚያዩበት አፕ አስጭነውኛል…

ባንክ የሚሠራው፦ አፑን አሁኑኑ አጥፊ። የባንክና የኢሜል ፓስወርድሽን በሌላ ስልክ ቀይሪ፣ ለባንክሽም ደውዪ። ክሬዲትሽን በሦስቱም የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች፣ በኢኩዊፋክስ፣ በኤክስፔሪያንና በትራንስዩኒየን አስዘጊ፣ ነጻ ነው። የዓምናውንም የአሁኑንም ic3.gov ላይ አመልክቺ። የኤፍቢአይ ነው፣ ሳንቲም አይጠይቅም። «ከዚያ ነው የምንደውለው፣ ክፈዪ» የሚል ከመጣ እሱም ሌባ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ የዓምናውስ ይመለስ ይሆን?

ባንክ የሚሠራው፦ አላባብልሽም። ክሪፕቶ አንዴ ከሄደ የሚመልሰው ቁልፍ የለም። ገንዘቡ ክሪፕቶ የሚገበያይ ድርጅት ጋ እያለ መርማሪ ደርሶ ካሳገደው ብቻ ነው፣ ዓመት ካለፈው ደግሞ ተስፋው ቀጭን ነው።

ባለ ታክሲው፦ እኔ ግን ጠበቃ ይዛ ብትሞክር ነው የምለው።

ባንክ የሚሠራው፦ ትሞክር፣ ግን ጠበቃ ነኝ ባይም በዝቷል። ስሙን በስቴቱ የጠበቆች ማኅበር ዝርዝር ትፈልገው፣ ስልኩንም ከዚያ ወስዳ ራሷ ትደውል።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ «ቀንሱና ላኩ» አልኳቸው። መጀመሪያ ሕጉ አይፈቅድም አሉ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ታክሱን 250 አደረግንልሽ ብለው ደወሉ።

ባለ ታክሲው፦ ታክስ እንደ መርካቶ ጫማ ሲወርድ ዛሬ ሰማሁ 😂