«ገበያው ሁሌም ይመለሳል» ለጡረተኛም ይሠራል ወይ? (ክርክር)

ሰናይት
«የአክሲዮን ገበያው በረጅም ጊዜ በዓመት በአማካይ 10 በመቶ ያድጋል። እናንተ 7 በመቶ ብቻ እያወጣችሁ ከኖራችሁ ዋናው ገንዘብ አይነካም።»

ትናንት እዚሁ ሜሪላንድ ስለ ጡረታ በተጠራ ስብሰባ ላይ የተባለ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ እናቶች በማስታወሻ ሲጽፉት አይቼ ደሜ ፈላ። ያ 10 በመቶ እንደ ደመወዝ በየዓመቱ አይገባም። ሥራ ባቆምን በመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዓመታት ገበያው ቢወድቅስ? ይህን የጠየቀም የመለሰም አልነበረም።

ዳኜ
ሰናይት፣ ሰው አታስፈራሪ። እኔ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የገበያውን አክሲዮኖች በጅምላ በሚይዘው ኢንዴክስ ፈንድ ውስጥ ነኝ። 2000ን አየሁ፣ 2008ን አየሁ፣ ኮቪድን አየሁ። ገበያው ሁሌም ይመለሳል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው አልከሰረም።

ሰናይት
«ዝም ብሎ የተቀመጠ» አልክ። አንተ ዝም ብለህ መቀመጥ የቻልከው ደመወዝ ስለነበረህ ነው። ጡረተኛ የቤት ኪራይና የመድኃኒት አለበት፤ ወደደም ጠላም በየወሩ ይሸጣል።

ሙሉ
ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። አንዲት ሴት 500 ሺህ ዶላር ይዛ ጡረታ ወጣች እንበል፤ ሁሉም የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን አክሲዮን በሚከተለው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ውስጥ ነው። በየጥር ወሩ 25 ሺህ ታወጣለች። ከ1997 እስከ 2002 ያሉትን ስድስት ዓመታት እንውሰድ። መጀመሪያ ሦስት በጣም ጥሩ ዓመታት፣ ከዚያ ሦስት ክፉ ዓመታት ነበሩ። በስድስተኛው ዓመት መጨረሻ እጇ ላይ ወደ 520 ሺህ ይቀራል።

አሁን እነዚያኑ ስድስት ዓመታት ገልብጧቸው፤ 2002 መጀመሪያ፣ 1997 መጨረሻ ይምጣ። አማካዩ አንድ ነው፣ ያወጣችውም ያው 150 ሺህ ነው። የሚቀራት ግን ወደ 398 ሺህ ነው። ምንም ባታወጣ ኖሮ ከፊትም ከኋላም ብታሰሉት መጨረሻው ያው 647 ሺህ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ገበያው አይደለም፤ በወደቀ ዋጋ መሸጧ ነው።

ዳኜ
ሙሉ፣ ዓመት ገልብጦ ማስላት የወረቀት ላይ ጨዋታ ነው። 2002 ከ1997 በፊት መጥቶ አያውቅም።

ሙሉ
እሺ፣ ሳንገለብጥ እንይ። ያቺው ሴት በ500 ሺህ ጡረታ የወጣችው ጥር 2000 ይሁን። በ2002 መጨረሻ የሚቀራት ወደ 260 ሺህ ነው። ከዚያ አምስት ጥሩ ዓመታት በተከታታይ መጡ። ያልተነካ 500 ሺህ፣ ትርፍ ድርሻው ተመልሶ እየተገዛበት፣ በ2007 መጨረሻ ወደ 570 ሺህ ደርሷል። ገበያው እንዳልከው ተመልሷል፣ ዳኜ። የእሷ ግን 305 ሺህ ላይ ነበር። ከዚያ 2008 መጥቶ ወደ 176 ሺህ አወረደው። ያው 25 ሺህ አሁን ከቀሪው ገንዘብ 14 በመቶ ሆነ።

ልብ በሉ፣ ይህ በ5 በመቶ ጀምራ፣ ለኑሮ ውድነት አንድም ዶላር ሳትጨምር ነው። ስብሰባው ላይ የተባለው 7 ነው።

ሰናይት
«ገበያው ይመለሳል» የምትለዋ ቃል ላይ ነው ችግሩ። ገበያው ይመለሳል፤ የሸጥሽው አክሲዮን ግን አይመለስም።

ጋሽ ተሾመ
ልጆቼ፣ እኔ በሕይወቴ ያየሁትን ልናገር። 28 ዓመት ፓርኪንግ ሠርቼ 400 ሺህ አጠራቅሜ ጥር 2022 ሥራ አቆምኩ። በወር 2,500 እወስድ ጀመር። ታኅሣሥ ላይ ልጄ ስልኬን ከፍታ ስታሳየኝ 300 ሺህ ገደማ ነው። 100 ሺህ የት ሄደ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። 30ውን እኔ በልቼዋለሁ፤ ሰባውስ? በ2024 መጀመሪያ ዜናው ገበያው የድሮ ጣሪያውን አለፈ አለ። እኔ ጋ 340 ነበር።

ዳኜ
ጋሽ ተሾመ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በ2024 መጨረሻስ ስንት ሆነ?

ጋሽ ተሾመ
390 ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር።

ዳኜ
ይኸው! ሦስት ዓመት ሙሉ ደመወዝ በልተው ገንዘቡ ከሞላ ጎደል ተመልሷል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።

ሙሉ
የጋሽ ተሾመ ክፉ ዓመት አንድ ብቻ ነበር፤ ወዲያው ከ25 በመቶ በላይና 25 በመቶ ያህል ያስገኙ ሁለት ዓመታት ተከተሉት። ጥር 2000 ላይ የወጣው ሰው ግን ሦስት ተከታታይ ወረደበት። ጥር 2023 ላይ ቆሞ የትኛው እንደሚመጣ ማን ያውቅ ነበር? ጋሼ ያንን ሌሊት ያደሩት መልሱን ሳያውቁ ነው።

ሕይወት
እኔ 34 ዓመቴ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ በመሥሪያ ቤቴ በኩል የማጠራቅመውን የጡረታ ቁጠባ፣ ፎር ኦ ዋን ኬዬን፣ ከአክሲዮን ላውጣው ወይ?

ሰናይት
አይ እህቴ፣ ላንቺ ተቃራኒው ነው። አንቺ በየሁለት ሳምንቱ ገዢ ነሽ፤ ገበያው ሲወድቅ በያው ገንዘብ ብዙ አክሲዮን ታገኛለሽ። እያወራን ያለነው ሻጭ ስለሆነ ሰው ነው።

ዳኜ
መፍትሔ ተብሎ የሚነገረውስ? «ግማሹን ቦንድ አድርጉት» ይላሉ። በ2022 ቦንዱም አብሮ ወደቀ እኮ። ጥሬ ገንዘብ ይዞ መቀመጥ ደግሞ ኑሮ ውድነት ይበላዋል።

ሙሉ
ይህችን ትክክል ነህ፤ ግን ግማሽ ትክክል። በ2022 የወደቁት የወለድ መጠን ሲጨምር የሚጎዱት የረጅምና የመካከለኛ ጊዜ ቦንዶች ናቸው። ለመንግሥት ለጥቂት ወራት ብቻ የሚያበድሩበትን ትሬዠሪ ቢል የያዘ ሰው ዋናውን አላጣም። ለደንበኞቼ የምነግራቸው የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ወጪ እንዲህ ባለ ቦታ ለብቻው እንዲቀመጥ ነው። አክሲዮኑ በወደቀ ዓመት ከዚያ ይበላል፣ አክሲዮኑ አይሸጥም።

ስለ ኑሮ ውድነት ያነሳኸው ግን ዋና ነገር ነው። የፋይናንስ አማካሪው ቤንገን በ1994 ያወጣው የ4 በመቶ ስሌት፣ ማለትም በመጀመሪያው ዓመት 4 በመቶ ወስዶ ከዚያ በዋጋ ንረት ልክ እየጨመሩ 30 ዓመት መኖር፣ በጣም የተፈተነው በ1929 ጡረታ በወጡት ሰዎች አይደለም። በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በወጡት ነው። በእነሱ ላይ ገበያው ባንድ ጊዜ አልተናደም፤ ለዓመታት ባለበት ሲረግጥ ኑሮው ተወደደ፣ እነሱም በየዓመቱ የሚያወጡትን እየጨመሩ ሄዱ።

ብርሃኑ
እናንተ የአሜሪካን ኪራይ እያሰባችሁ ነው። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ በዶላር እኖራለሁ፣ 7 በመቶ ለምን ያስፈራኛል?

ሰናይት
አገር ቤት መግባት የሚያዋጣህ የምታወጣውን ስለሚቀንስልህ ነው። በ3 በመቶ የምትኖር ከሆነ ጥሩ። እዚያም ሄደህ 7 በመቶ የምታወጣ ከሆነ ግን አክሲዮኑ ባለቤቱ ቦሌ ይኑር ሲልቨር ስፕሪንግ አያውቅም።

ብርሃኑ
ሁሌ ለመከልከል ነው የምትቸኩይው። ወላጆቻችን አገራቸው እንዳይገቡ ነው የምትፈልጊው?

ሰናይት
እንደዚያ አላልኩም! ይግቡ፤ ገንዘቡ በ80 ዓመታቸው እንዳያልቅባቸው ነው የምለው። የእኔም እናት እኮ ለመግባት እየተሰናዳች ነው።

ጋሽ ተሾመ
ሙሉ ልጄ፣ ያ የሁለት ዓመት ገንዘብ ሲያልቅና ገበያው ገና እንደወደቀ ከሆነስ ምን ይደረጋል?

ሙሉ
ጋሼ፣ እዚያ ላይ እኛም ባለሙያዎች አንስማማም። እኔ ራሴ በየጥር ወሩ የማየው አንድ ቁጥር ነው፤ የዓመቱ ወጪ ከቀሪው ገንዘብ ስንት በመቶ እንደሆነ። በ5 ጀምሮ 7 ከደረሰ በዚያው ዓመት ወጪውን በአሥር በመቶ አስቀንሳለሁ። እርስዎ በ7.5 ጀምረው በ2022 መጨረሻ 10 ደርሰው ነበር። የመንግሥት ጡረታዎን፣ ሶሻል ሴኩሪቲውን፣ ወስደዋል ወይስ እያቆዩት ነው?

ጋሽ ተሾመ
67 እስኪሞላኝ አቆየሁት። በዚያ ዓመት ብወስደው ኖሮ አክሲዮኑን አልሸጥም ነበር ማለት ነው?

ዳኜ
ጋሼ፣ ማቆየትዎ ትክክል ነው፤ በቆየ ቁጥር ወርኃዊው ይጨምራል።

ሙሉ
ይጨምራል፤ የጨመረውም ዕድሜ ልክ ነው። ግን እሱን ለማቆየት በወደቀ ገበያ ምን ያህል ሸጡ? የእነዚያን ዓመታት የሽያጭ ወረቀት ያምጡልኝና አብረን እናስላው።