በ y = x³ − x² እና በ y = 2x መካከል ያለው ስፋት፦ 9/4 ነው ወይስ 37/12?

የማራኪዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። 12ኛ ክፍል ነኝ። ጥያቄው y = x³ − x² እና y = 2x የሚያጥሩትን ቦታ ስፋት ፈልጉ ይላል። መጀመሪያ የሚገናኙበትን ለማግኘት x³ − x² = 2x አልኩ። ሁለቱንም ወገን በ x ሳካፍል x² − x − 2 = 0 መጣ፣ ፋክተር ሲደረግ (x − 2)(x + 1) ነው፣ ስለዚህ x = −1 እና x = 2። ከዚያ ከ −1 እስከ 2 ኢንቲግሬት ሳደርገው −9/4 ሆነ። ስፋት ኔጋቲቭ ስለማይሆን ማይነሱን ጥዬ 9/4 አልኩ። ወረቀቱ ጀርባ ላይ ያለው መልስ ግን 37/12 ነው። ኢንቲግራሉን ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው። መልሱ ነው የተሳሳተው ወይስ እኔ? ነገ ጠዋት ቲቶሪያል አለን፣ ሰው ፊት እንዳላፍር።

ቀሐ ዳር

እህቴ መልሱ ልክ ነው። ከርቩ ከ x አክሲስ በታች ይወርዳል፣ ችግሩ እሱ ነው። ከ x አክሲስ በታች ያለው ሁልጊዜ ኔጋቲቭ ይመጣል። ስለዚህ ከርቩ x አክሲስን የሚነካበት ላይ መቁረጥ አለብሽ። x²(x − 1) = 0 በይ፣ 0 እና 1 ይመጣል። ከ −1 እስከ 0፣ ከ 0 እስከ 1፣ ከ 1 እስከ 2 ለየብቻ አስልተሽ ማይነስ የመጣውን ፖዘቲቭ አድርገሽ ደምሪ። እኔ አሁን ሠራሁት፣ 5/12 + 13/12 + 19/12 ነው፣ 37/12 ይሰጣል።

ጋሼ ቁስቋም

ልጄ፣ ኢንቲግራልሽ ላይ ምንም የለም። ጥፋቱ ገና ከመጀመሪያው፣ በ x ያካፈልሽበት መስመር ላይ ነው።

በ x ስታካፍይ «x ዜሮ አይደለም» ብለሽ መፍረድሽ ነው። ዜሮ ቢሆንስ? አስገቢና እዪው። ከርቩ 0 − 0 = 0፣ መስመሩም 2 × 0 = 0። እዚያም ይገናኛሉ! ሦስተኛዋን መገናኛ በእጅሽ ጥለሻታል። ምልክቱም ፊትሽ ነበር፦ የያዝሽው እኩልታ x³ ያለበት ነው፣ ካካፈልሽ በኋላ ግን ወደ x² ወረደ። ዲግሪው እንዲህ ዝቅ ሲል አንድ መልስ ይዞ ሳይሄድ አይቀርም። ስለዚህ አታካፍይ፣ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጪና x ን ከቅንፍ ውጭ አውጪው።

```
x³ − x² − 2x = 0
x(x − 2)(x + 1) = 0
x = −1, 0, 2
```

አሁን ሁለት ቦታ አለሽ፣ አንዱ ከ −1 እስከ 0፣ ሌላው ከ 0 እስከ 2። ከመሃላቸው አንድ አንድ ቁጥር ወስደሽ የትኛው ከላይ እንዳለ ጠይቂ። በ x = −1/2 ከርቩ −3/8 ነው፣ መስመሩ −1፣ ስለዚህ ከርቩ ከላይ ነው። በ x = 1 ደግሞ ከርቩ 0 ነው፣ መስመሩ 2፣ ስለዚህ መስመሩ ከላይ ነው። 0 ላይ ተቀያይረዋል ማለት ነው። አንቺ ግን ሳትቆርጪ አንዱን ከሌላው እየቀነስሽ እስከ መጨረሻው ሄድሽ፣ የመጀመሪያው ቁራጭ ፖዘቲቭ ሁለተኛው ኔጋቲቭ ሆኑና ተጣፉ።

ቁጥሩን ለማውጣት እኔ የምሠራበትን መንገድ ልንገርሽ። የልዩነቱን ኢንቲግራል አንዴ አውጪና መገናኛዎቹን በቅደም ተከተል አስገቢበት።

```
F(x) = x⁴/4 − x³/3 − x²
F(−1) = −5/12
F(0)  = 0
F(2)  = −8/3
```

ከ −5/12 ወደ 0 ለመሄድ 5/12 ነው። ከ 0 ወደ −8/3 ለመሄድ 8/3 ነው። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አይግድሽ፣ እርምጃውን ብቻ ደምሪ፦ 5/12 + 32/12 = 37/12። ያንቺ 9/4 ከየት መጣ ካልሽ፣ 32/12 ሲቀነስ 5/12 ነው፣ 27/12። መደመር የነበረበት ተቀንሶ ነው የወጣው። ለዚህ ነው መጨረሻ ላይ ማይነስ መጣል የማያድነው፣ ቀድሞ የተጣፋውን አይመልስልሽም።

የማራኪዋ

ውይ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገባኝ። ግን ቀሐ ዳር የሠራውም እኮ 37/12 መጣለት፣ እሱ ደግሞ በ x አክሲስ ነው የቆረጠው። ታዲያ ሁለቱም ይሠራል?

ጋሼ ቁስቋም

እሱ በለስ ቀንቶት ነው። ከቆረጠባቸው ሁለት ቦታዎች አንዷ፣ 0፣ መገናኛም ሆና ተገኘች። 1 ላይ መቁረጡ ምንም አልጎዳም፣ ምንም አልጠቀመም፣ ከ 0 እስከ 2 ድረስ መስመሩ ከላይ ስለሆነ አንዱን ቁራጭ ለሁለት ከፍሎ መልሶ ደመረው።

ነገር ግን በሁለት ከርቮች መካከል ላለ ስፋት x አክሲስ ጉዳዩ አይደለም። ሁለቱንም 100 ወደ ላይ ከፍ አድርጊያቸው፣ ሁሉም ነገር ከአክሲሱ በላይ ይሆናል፣ በመካከላቸው ያለው ቦታ ግን ያው ነው። እስቲ ይህን ሞክሩ፦ y = x² − 4 እና y = x − 2። የሚገናኙት −1 እና 2 ላይ ነው፣ የታጠረው ቦታ በሙሉ ከ x አክሲስ በታች ነው። ከላይ ካለው መስመር ከታች ያለውን ከርቭ ስትቀንሺ ግን ምንም ሳትቆርጪ 9/2 ይወጣል፣ ፖዘቲቭ ሆኖ።

ቀሐ ዳር

እሺ ጋሼ ተቀብያለሁ። ግን እኛን ክፍል ውስጥ «ከአክሲስ በታች ከሆነ ቁረጡ» ብለው ነው ያስተማሩን።

ጋሼ ቁስቋም

ያ የአንድ ከርቭና የ x አክሲስ ጥያቄ ሲሆን ነው፣ ያን ጊዜ ልክ ናቸው። አክሲሱ ራሱ እንደ ሁለተኛ ከርቭ ይቆጠራል፣ y = 0። ስለዚህ ያኔም የምትቆርጠው መገናኛ ላይ ነው።

ብረት ቤት አዘዞ

ሰላም ጎበዞች፣ እኔ ተማሪ አይደለሁም፣ የብየዳ ሥራ ነው የምሠራው። ርዕሱን አይቼ ነው የገባሁ። አንድ ደንበኛ የግቢ በር አዞኛል፣ ከላዩ እንደ ቅስት የጎበጠ፣ ከሥሩ ቀጥ ያለ ብረት። በሁለቱ መካከል ላሜራ ይገባል። ስፋቱ 3 ሜትር ነው። የቅስቱ ፎርሙላ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ በዓይን ነው ያጎበጥሁት። ላሜራው ስንት እንደሚፈጅ በዚህ መንገድ ይወጣል ወይ?

ሰሌዳ

አያ፣ ለአንተ ኢንቲግራልም ፎርሙላም አያስፈልግህም። የሚገናኙበትን እኮ አንተ ታውቀዋለህ፣ ግራና ቀኝ የበየድክበት ነው። ሜትርህን አጋድመህ በየ 50 ሳንቲሜትሩ ከቀጥታው ብረት እስከ ቅስቱ ያለውን ከፍታ ለካና ላክልን።

ብረት ቤት አዘዞ

ለካሁ። ከዳር እስከ ዳር 0፣ 20፣ 35፣ 40፣ 35፣ 20፣ 0 ሳንቲሜትር።

ሰሌዳ

የመሃሎቹን ደምር፣ 150። በ 50 አባዛው፣ 7500 ካሬ ሳንቲሜትር፣ 0.75 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ዳርና ዳር ያሉት ዜሮ ባይሆኑ ኖሮ እነሱን በግማሽ ትደምራቸው ነበር። ይህ ስሌት በየሁለቱ ልኬት መካከል ቅስቱን ቀጥ ያለ አድርጎ ስለሚያይ ከእውነተኛው ትንሽ ያንሳል፣ ቅስቱ ወደ ላይ የጎበጠ ስለሆነ። በየ 25 ሳንቲሜትሩ ብትለካ ይበልጥ ይቀርባል።

ብረት ቤት አዘዞ

ተባረክ ወንድሜ። አንድ ላሜራ 1 ሜትር በ 2 ሜትር ነው፣ ስለዚህ አንዱ ይበቃኛላ?

ሰሌዳ

በስፋት ይበቃል። ግን በርህ 3 ሜትር ነው፣ ላሜራው 2። ቆርጠህ መቀጠልህ አይቀርም። የሚጣለው ቁርጥራጭ ስንት እንደሚሆን ከአቆራረጥህ ነው የሚመጣው፣ እሱን አንተ ከኛ ታውቃለህ።

የማራኪዋ

እኔ ደግሞ ሌላ ሠርቼ መጣሁ። y = x³ እና y = x²። በጋሼ መንገድ x²(x − 1) = 0 አልኩ፣ 0 እና 1። ከ 0 እስከ 1 ሲሠራ 1/3 − 1/4 = 1/12። ግን 0 ሁለት ጊዜ ነው የመጣው። ከ 0 በስተግራስ ሌላ ቦታ አለ እንዴ?

ጋሼ ቁስቋም

የለም፣ 1/12 ልክ ነው። x² ላይ ያለው ካሬ የሚነግርሽ 0 ላይ ተነካክተው እንጂ ተሻግረው እንዳልሆነ ነው። በ x = −1/2 እና በ x = 1/2 አስገቢ፣ በሁለቱም በኩል x² ከላይ ነው። አልተቀያየሩም። በስተግራ ደግሞ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች እየሄደ ይራራቃሉ፣ ተመልሰው አይገናኙም፣ ስለዚህ የሚታጠር ነገር የለም። ልብ በይ፣ እዚህ በ x² አካፍለሽ ቢሆን ኖሮ የሚተርፍሽ 1 ብቻ ነበር፣ ከየት እንደሚጀመር ራሱ ይጠፋብሽ ነበር።

ቀሐ ዳር

እኔ ግን አሁንም ግራፉን ቀድሞ መሣል ይሻላል ባይ ነኝ። ብትሥለው ኖሮ ሦስቱንም መገናኛ በዓይኗ ታያቸው ነበር፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም።

ሰሌዳ

ይህን እንኳ እጠራጠራለሁ። ትንሿ ቁራጭ 5/12 ናት፣ ከ −1 እስከ 0። በእጅ ሲሣል እዚያ ጋ ከርቩና መስመሩ ተጣብቀው ነው የሚታዩት። እኔ ስሥለው መጀመሪያ አንድ ነው የመሰለኝ። በምርጫ ፈተና ላይ ደግሞ ለመሣል ጊዜ የት አለ?

ቀሐ ዳር

ቸኩለህ ስለሣልክ ነው። በ −1 እና በ −1/2 ነጥብ ብታስቀምጥ ይለያል።

ሰሌዳ

በ −1/2 ነጥብ ካስቀመጥኩማ የጋሼን መንገድ ሠራሁ ማለት ነው፣ ሥዕሉ ምን ጨመረልኝ?

የማራኪዋ

እናንተ ተከራከሩ፣ እኔ ሁለቱንም ደብተሬ ላይ ጽፌያለሁ። ነገ ቲቶሪያል ላይ የትኛውን እንደሚወዱ እጠይቃቸዋለሁ።